ጭሱ ወይስ ወረንጦው፦ ለአንድ የስልክ ጥገና ቪዲዮ ታምኔል እንዴት መረጥን

ቪዲዮው 9 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። አንድ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ አለ፣ ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ፖርቱን በብሩሽ ያፀዳዋል፣ እንቢ ይላል፤ ከዛ ስልኩን ይከፍትና ፖርቱ የተበየደባትን ትንሿን ቦርድ አውጥቶ ትኩስ አየር በሚነፋው በሆት ኤር አሮጌውን ፖርት ያነሳል፣ አዲስ ይበይድበታል፣ መልሶ ይገጥመውና በዩኤስቢ ሜትር እየለካ ቻርጅ ሲያደርግ ያሳያል። በቃ ይሄው ነው። ኤዲቱን የምሠራለት እኔ ነኝ፣ ታምኔሉን ግን ሁሌም አብረን ነው የምንመርጠው፣ በዚህኛው ላይ ደግሞ ብዙ ተከራክረናል፤ ክርክሩ ውስጥ ስለ ታምኔል ሊታወቅ የሚገባ ነገር ስላለ ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ከቪዲዮው ከራሱ ፍሬም እንጠቀማለን የሚለው ላይ መጀመሪያውኑ ተስማምተናል። ለብቻው ፎቶ ማንሳት ይቻል ነበር፣ ግን ስልኩ ተገጥሞ ለባለቤቱ ሄዷል፣ አሮጌው ፖርትም ተጥሏል። ስለዚህ ያለን ቀረጻው ብቻ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ስለሆነ ጠቅላላ 14,000 ፍሬም አካባቢ ማለት ነው፣ ብዙ ይመስላል ግን ከዛ ውስጥ ለታምኔል የሚሆነው በጣም ጥቂት ነው። ዩቲዩብ ራሱ ሦስት ፍሬም መርጦ ያቀርባል፣ አየናቸው፦ አንዱ ላይ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ እያወራ ነው፣ ሁለቱ ላይ እጁ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ደብዝዟል። ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ ምክንያቱም ቪዲዮው ስለምን እንደሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቪዲዮውን አንዴ ከላይ እስከ ታች አይቼ አምስት ቦታ ያዝኩ። ፊደል ልስጣቸው፣ በኋላ እየተመላለስኩ ስለምጠራቸው።

ሀ፦ ሆት ኤሩ ቦርዷ ላይ ሲነፍስና ለብየዳ የተቀባው ፍላክስ ሲጨስ፣ ወፍራም ነጭ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል።
ለ፦ የቴክኒሻኑ ፊት፣ አፉ በሰፊው ተከፍቶ ዓይኑ ፈጦ።
ሐ፦ ፖርቱን በብሩሽ ሲጠርግ፣ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ ብርሃኑ ቆንጆ ነው።
መ፦ መጨረሻ ላይ ሜትሩ በርቶ ስልኩም የቻርጅ ምልክት ሲያሳይ።
ሠ፦ የተነሳውን አሮጌ ፖርት በወረንጦ ይዞ በተከፈተው ስልክ ላይ ከፍ አድርጎ፣ "እዚህ ጋ ነበር የነበረው" ሲል።

ቴክኒሻኑ ገና ሳልጨርስ "ጭሱን አድርገው፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጭሱ ዓይን ይስባል። ትልቅ አድርገህ ስታየው ደሞ ምንም ችግር የለውም፦ ቦርዷ በቦርድ መያዣው ተይዛለች፣ የሆት ኤሩ አፍ ከላይዋ ነው፣ ጭሱ ከፍላክሱ እንደሚወጣ በግልጽ ይታያል፣ ስልኩ ራሱ ከኋላ ተጋድሟል፣ ምንም አልነካውም። ማንም የጥገና ሰው ቢያየው ፍላክስ ሲሞቅ እንደሚጨስ ያውቃል፣ የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ግን ታምኔል ትልቅ ሆኖ አይታይም። የምንጭነው 1280 በ720 ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ከሚታየው ቪዲዮ ጎን ባለው ዝርዝር ውስጥ 168 በ94 ፒክስል አካባቢ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስልክ ላይም ዝርዝር ውስጥ ሲሆን ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሁሉንም ፍሬም መጀመሪያ ወደዛ መጠን አወርደዋለሁ፣ ከዛ በፊት ስለ ውበቱ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ሀን ሳወርደው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ መያዣው ጠፋ፣ ቦርዷ ጠፋች፣ የሆት ኤሩ አፍ ጥቁር ስለሆነ ከጀርባው ጥላ ጋር ተቀላቀለ። የቀረው ምንድነው፣ ከኋላ የተጋደመው ስልክና ከፊቱ የሚያልፈው ነጭ ጭስ። ማለትም ጭሱ ከስልኩ የሚወጣ ይመስላል። ትልቁ ላይ ምንም የማይዋሽ ፎቶ ትንሽ ሲሆን "ስልክ ተቃጠለ" ይላል።

ይሄን ለራሴ ብቻ አልተውኩትም። ቪዲዮውን ላላየ ሰው በስልክ ስክሪን ላይ በዛው በትንሹ መጠን ለአንድ ሴኮንድ ያህል አሳየዋለሁ፣ ስክሪኑን እገለብጠዋለሁ፣ "ምን አየህ" እላለሁ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም። "ቆንጆ ነው ወይ" ካልከው ስለ ውበት ይነግርሃል፣ "ጭሱ ይታያል ወይ" ካልከው መልሱን አንተ ሰጠኸው። ለሀ የመጣው መልስ "ስልክ ፈንድቶ" ነው። ሌላ ሰው ደሞ "ባትሪ ሲቃጠል" አለ። አንድም ሰው ብየዳ ወይም ጥገና የሚል ቃል አላነሳም።

ቴክኒሻኑ የመለሰልኝ ነገር ብዙ ሰው የሚለው ስለሆነ በደንብ ላንሳው። "ጭሱ እኮ ቪዲዮው ውስጥ አለ፣ እኔ አልፈጠርኩትም፣ ፎቶሾፕ አላደረግኩም፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ማታለሉ?" ነው ያለው። ፍሬሙ ከቪዲዮው መሆኑ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ሥዕሉ የተፈጠረ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን። ተመልካቹ ጋ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከገባሁ ምን አገኛለሁ? ታምኔሉን ያየ ሰው በጭንቅላቱ አንድ አረፍተ ነገር ይይዛል፣ ያ አረፍተ ነገር ቪዲዮው ውስጥ ከሌለ ፍሬሙ መቶ በመቶ እውነተኛ ቢሆንም ሰውየው ተታሏል። የኛ ቪዲዮ ውስጥ የፈነዳ ስልክ የለም፣ የተቃጠለ ባትሪም የለም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ደግሞ ማን ነው የሚያየው የሚለው ነው። ቪዲዮውን የሚፈልገው ሰው ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ያለው ሰው ነው። ያ ሰው ርዕሱን ያነባል፣ ከጎኑ የሚጨስ ስልክ ያያል፣ ስለዚህ የሚገባው "ቻርጅ የማያደርግ ስልክ ሊፈነዳ ይችላል" ነው። የላላ ወይም የተጎዳ ፖርት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ቻርጅ አለማድረግን ነው፣ ፍንዳታን አይደለም፣ አላስፈላጊ ፍርሃት ለምን እንሰጠዋለን። ፍንዳታ ሊያይ የገባው ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ውስጥ ብሩሽ ሲያይ ይወጣል። ይሄን ስነግረው ብዙ አልተከራከረም፣ "እሺ ጭሱ ይቅር፣ ግን እንደ ጭሱ የሚታይ ነገር አምጣልኝ" አለ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እዛ ላይ ነው ሥራው የጀመረው።

ለን ቶሎ ልለፈው። ፊቱ የደነገጠ ሰው ይመስላል፣ ቪዲዮውን ሳየው ግን በዛች ቅጽበት "ባትሪው" እያለ ነው፣ አፉ የተከፈተው "ባ" ሲል ነው፣ ዓይኑ የፈጠጠው ደግሞ ሥራውን አይቶ ወደ ካሜራው ቀና ሲል ነው። ማንኛውም የሚያወራ ሰው በሴኮንድ 25 ጊዜ ስትቆርጠው የሚደነግጥ፣ የሚያለቅስ፣ የሚናደድ የሚመስል ፍሬም አይጠፋም። አንዷ ፍሬም ላይ የሚታየው ስሜት ከፊትና ከኋላ ባሉት ፍሬሞች ላይ ከሌለ ስሜቱም የለም ማለት ነው፤ አምስት ፍሬም ወደፊት አምስት ወደኋላ በቀስት ቁልፍ መሄድ ይበቃል። ስሄድ የተረጋጋ ሰው ነው። ወጣ።

ሐ ግን ረጅም ሰዓት ይዞናል፣ ምክንያቱም በትንሹ መጠን ከሁሉም የተሻለ ግልጽ የሆነው እሱ ነው። ስልኩ ሙሉ ስልክ ይመስላል፣ ብሩሹ ይለያል፣ እጁም ይታያል፣ ያሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ "ስልክ ሲያፀዳ" ነው ያሉት፣ ያለምንም ማመንታት። ረጋ ያለ ምስል ነው፣ ማንም ክሊክቤት ብሎ አይጠረጥረውም። ቴክኒሻኑም ወዶታል። ችግሩ ግን ቪዲዮው ውስጥ ማፅዳቱ አልሠራም! ብሩሹ 40 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው ያለው፣ ከዛ በኋላ ያለው ሙሉው ፖርት መቀየር ነው። ይሄን ታምኔል ከ"ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ" ከሚል ርዕስ ጋር ስታጣምረው የሚወጣው አረፍተ ነገር "በብሩሽ ስትጠርገው ይሠራል" ነው። ሰውየው በብሩሽ ሊጠርግ ነው የሚገባው፣ ቤት ውስጥ ልሞክረው ብሎ፣ ያገኘው ግን ሆት ኤርና ብየዳ።

ስለዚህ ሐም እንደ ሀ አሳሳች ነው፣ ምናልባትም በባሰ መንገድ፣ ምክንያቱም ጭሱን ያየ ሰው ቢያንስ ትንሽ ይጠራጠራል። ብዙ ጊዜ ስለ አሳሳች ታምኔል ስናወራ ቀይ ቀስት፣ የፈጠጠ ዓይን፣ እሳት ምናምን ነው የሚታየን፤ የተረጋጋ ምስልም ቪዲዮው የማይሰጠውን ነገር ቃል ከገባ ያው ነው። የተሳካውን ነገር ትቶ ያልተሳካውን ሙከራ ማሳየት በጥገና፣ በምግብ ሥራ፣ በትምህርት ቪዲዮ ሁሉ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ያልተሳካው ብዙ ጊዜ ቀላሉ ስለሆነ ለማየትም ቀላል ነው።

መ ሐቀኛ ነው፣ ውጤቱን ያሳያል። ድክመቱ መጠኑ ላይ ነው። ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ትልቁ ላይ ይነበባል፣ 168 ላይ ግን ብርሃን ያለው ሰማያዊ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። የቻርጅ ምልክቱም እንደዛው። ሰው "ስልክ ቻርጅ ላይ ነው" ብሎ ያልፋል፣ ውሸት አይደለም ግን ጥገና መሆኑ አይታወቅም፣ የቻርጀር ሪቪው ነው ብሎ የገመተም ነበር። መን እንደ መጠባበቂያ ያዝነው።

ሠ ቀረ። ሐሳቡ ልክ ነው፦ የተከፈተ ስልክ አለ፣ ከሱ የወጣ ዕቃ አለ፣ የሚያወጣ እጅ አለ፣ ይሄ ደግሞ ቪዲዮው ማለት ነው። ችግሩ ዕቃው በጣም ትንሽ ነው። የዩኤስቢ ሲ ፖርት ስፋቱ 9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ከላይ 12 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ነበር የሚያሳየው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 9ን ለ120 ስታካፍል ሰባት ተኩል ፐርሰንት፣ ከ168 ፒክስል ላይ 13 ፒክስል ገደማ። 13 ፒክስል ላይ ነጭ ነጥብ ነው፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሳሳያቸውም "እጅ" አሉኝ፣ በቃ እጅ።

ስለዚህ ክሮፕ። ቀረጻው 4ኬ ስለሆነ 3840 ፒክስል ስፋት አለን፣ ታምኔሉ 1280 ነው የሚፈልገው፣ ማለትም እስከ ሲሶው ድረስ ብንቆርጥ ጥራት አናጣም። ፉል ኤችዲ ቢሆን ኖሮ ከ1920 ወደ 1280 ብቻ ነበር የሚኖረን፣ ከዛ በላይ ከቆረጥክ መልሰህ መለጠጥ ነው። መጀመሪያ ጠበቅ አድርጌ 1760 በ990 ቆረጥኩት፣ ፖርቱ ወደ 27 ፒክስል አደገ፣ ቅርፁ ወጣ፣ ሞላላው አፍ ሁሉ ይታያል። ሳሳያቸው ያገኘሁት መልስ ግን "ሰዓት ሲሠራ" የሚል ነው! ለምን ብዬ ሳየው ገባኝ፣ ክሮፑ የስልኩን ጠርዞች ሁሉ አውጥቷቸዋል፣ የቀረው ብሎንና ብረት ብቻ ነው፣ ወረንጦና ትንንሽ ብረት ሲታይ ደግሞ ሰው የሚያስበው ሰዓት ነው። ዕቃውን ግልጽ አደረግን ብለን ቦታውን አጠፋነው። ይሄም በራሱ ማሳሳት ነው፣ ሳናስበው ቢሆንም።

ስልክ ስልክ የሚመስለው በምንድነው? በክብ ጥጎቹ ነው። ስክሪኑ ቢጠፋ፣ ካሜራው ቢጠፋ፣ ሁለት የተጠጋጉ ጥጎችና በመሃላቸው ቀጥ ያለ ጠርዝ ካለ ሰው ስልክ ይላል። የስልኩ ስፋት 7 ሴንቲሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ስለዚህ ሁለቱም ጥግ እንዲገባ 8 ሴንቲሜትር ማየት አለብን፣ እሱ ደግሞ 2560 በ1440 ይሆናል። ፖርቱ ከ27 ወደ 19 ፒክስል ወረደ፣ ግን ወረንጦው ወደ ካሜራው ከፍ ስላደረገው ከሂሳቡ ትንሽ ተልቆ ነው የሚታየው። በዚህኛው ያሳየኋቸው ሰዎች "ከስልክ ውስጥ አንድ ብረት ነገር ሲያወጣ" አሉ። ይሄው ነው የምንፈልገው አረፍተ ነገር፣ ቪዲዮው ውስጥም አለ።

2560 ደግሞ አንድ ሌላ ጥቅም አለው። የ1280 ልክ እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ሲወርድ እያንዳንዱ አራት ፒክስል ወደ አንድ ይገባል። አብዛኛው ቪዲዮ ቀለሙን በግማሽ ጥራት ነው የሚይዘው፣ በተለይ ቀይና ሰማያዊ ነገር ጠርዙ ላይ የሚደፈርሰው በዚህ ነው፣ በግማሽ ስታወርደው ግን የቀለሙና የብርሃኑ ጥራት ይገናኛሉ። የወረንጦው እጀታ ቀይ ነበር፣ ከመውረዱ በፊት ጠርዙ የፈሰሰ ይመስል ነበር፣ ሲወርድ ጥርት አለ።

አሁን የትኛው ፍሬም የሚለው። ሠ ያልኩት ቅጽበት ሦስት ሴኮንድ ያህል ነው፣ 75 ፍሬም። ፕሌየር ላይ ፖዝ አድርጎ ስክሪንሾት ማንሳት አይመከርም፣ ፕሌየሩ በስክሪንህ መጠን ነው የሚያሳይህ፣ አንዳንዴም ቁልፎቹ አብረው ይገባሉ። ከዋናው ፋይል (ከተጫነው አይደለም፣ እሱ እንደገና ታምቋል) እንዲህ አወጣኋቸው፦

```
ffmpeg -ss 00:05:40 -t 3 -i port.mp4 a_%03d.png
```

75ቱን ስታያቸው አብዛኞቹ እጁ ሲንቀሳቀስ ነው። የካሜራው ሻተር 1/50 ሴኮንድ ነበር፣ እጅ በሴኮንድ 20 ሴንቲሜትር ቢሄድ በዛች ቅጽበት ውስጥ 4 ሚሊሜትር ይጓዛል፣ ፖርቱ 9 ሚሊሜትር ስለሆነ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ብዥታ ነው። ይሄን ሻርፕ በማድረግ መመለስ አይቻልም፣ ጠርዙ ስለሌለ የሚሳል ነገር የለም። የምትፈልገው እጁ አቅጣጫ የሚቀይርበትን ነው፣ ከፍ አድርጎ ጨርሶ መልሶ ሳያወርድ በፊት ለጥቂት ፍሬም ይቆማል። እኛ ጋ ከ38 እስከ 44 እና ከ50 እስከ 53 ሁለት ቦታ ቆሟል።

41ኛውና 52ኛው ተፎካካሪ ነበሩ። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው፣ በ52ኛው ላይ ፖርቱ ወደ ካሜራው ይበልጥ ስለዞረ ትልቁ ላይ ሳየው የበለጠ ቆንጆ ነው። ወደ ትንሹ አውርጄ ቀለሙን አጥፍቼ ሳየው ግን ነገሩ ተገለበጠ።

```
ffmpeg -i a_041.png -vf "crop=2560:1440:640:500,scale=168:-2" kis.png
ffmpeg -i kis.png -vf format=gray kis_g.png
```

በ52ኛው ላይ ፖርቱ ከኋላው ያለው ነጭ ጨርቅ ነው፣ ብርማ ነገር በነጭ ላይ፣ ቀለሙ ሲጠፋ ፖርቱ አብሮ ጠፋ። በ41ኛው ላይ ከኋላው ጥቁሩ ባትሪ ነው፣ ስለዚህ ብርሃን ያለው ትንሽ ነገር በጨለማ ላይ ጎልቶ ይቆማል። ቀለሙን ማጥፋት ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ትንሽ ምስል ላይ ዓይን ቅርፅ የሚለየው በዋናነት በብርሃንና በጨለማ ልዩነት ነው፣ ቀለም ትልቁ ላይ ይረዳሃል ትንሹ ላይ ግን ይከዳሃል። 41ኛው ተመረጠ።

አንድ ነገር ቀረ፣ ቦታው። የቪዲዮው ርዝመት ታምኔሉ ላይ በስተቀኝ ታች ጥግ ላይ ነው የሚጻፈው፣ ጥቁር ሳጥን ውስጥ "9:20"። የመጀመሪያው ክሮፓችን ላይ ፖርቱ ልክ እዛ ጋ ነበር የወደቀው፣ ያን ሁሉ ሠርተን ሳጥኑ ሊሸፍነው። ክሮፑን ወደ ቀኝና ወደ ታች ገፋ ሳደርገው ፖርቱ ወደ ግራ ከፍ ብሎ መጣ፣ ሳጥኑ ያረፈው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ቪዲዮውን በከፊል ላየ ሰው ታች ላይ ቀይ መስመርም ስለሚመጣ የታችኛውን ጠርዝም ባዶ መተው ጥሩ ነው።

ከዛ በኋላ ምን እንንካ ምን አንንካ የሚለው መጣ። ሙሉ ምስሉን ማብራት፣ ኮንትራስት መጨመር፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ብናኝ ማጥፋት፣ እነዚህ ላይ ችግር አላየሁም፣ የሚታየውን ነገር አይቀይሩትም። ቴክኒሻኑ ግን "ፖርቱን ቆርጠህ ሦስት እጥፍ አሳድገህ ወረንጦው ላይ መልሰህ ለጥፈው" አለኝ። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ አሉ፣ 19 ፒክስሉን ወደ 57 ይወስደዋል፣ ያለጥርጥር ይታያል። ግን ከስልኩ አንፃር የሌለ ዕቃ ይሆናል፣ ይሄን የሚያክል ነገር ከስልክ አይወጣም፣ የራሱን ስልክ ከፍቶ የሚያይ ሰውም ይሄን የሚያክል ዕቃ ነው የሚፈልገው። ማሳደግ ካስፈለገ በክብ ውስጥ ግልጽ ጠርዝ ተደርጎለት ጎን ላይ ቢቀመጥ ሰው አጉልቶ ማሳያ መሆኑን ያውቃል፣ እሱን ሞክሬው ነበር፣ ክቡ የስልኩን አንድ ጥግ ሸፈነው፣ ተመልሰን ሰዓት ጋ ልንደርስ ነው፣ ተውነው። ፖርቱ ውስጥ የተቃጠለ የሚመስል ጥቁረት ቀባ ቀባ አድርግበት የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር፣ እሱ ላይ ግን አልተወያየንም፣ ያልነበረ ጉዳት መጨመር ነው።

ጽሑፍ ላይ አጭር ነበርን። ርዕሱ "ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ፣ ፖርቱ ሲቀየር" ይላል፣ ያንኑ ታምኔሉ ላይ መድገም ቦታ መብላት ነው። ምንም ሳንጽፍበት ተውነው።

ስንጭነው ዩቲዩብ ቴስት ኤንድ ኮምፔር የሚለውን ተጠቅመን ሠን ከመ ጋር አወዳደርን። ይሄ መሣሪያ አሸናፊውን የሚለየው በክሊክ ብዛት አይደለም፣ በየታምኔሉ የታየው የእይታ ጊዜ ድርሻ ነው የሚያወዳድረው፣ ለኛ ዓይነት ጥያቄ ጥሩ ነው ምክንያቱም ገብቶ ወዲያው የወጣን ሰው ብዙም አይቆጥረውም። ሀን እዛ ውስጥ አላስገባንም። ቴክኒሻኑ "ለሙከራ እናስገባው፣ ካላሸነፈ ይወጣል" ብሎ ነበር፣ ግን ሙከራው እስኪያልቅ የሚያዩት ሰዎችም ሰዎች ናቸው፣ ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ብሎት ጭስ ያየው ሰው የሙከራው አካል ነበርክ ብትለው ምን ያደርግለታል።

ውጤቱ ጎላ ያለ ልዩነት የለም የሚል ነው የመጣው። ትንሽ ቻናል ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፣ ልዩነቱን ለመለየት የሚበቃ ተመልካች አይገኝም። ስለዚህ ቁጥሩ አልወሰነልንም፣ እኛ ነን የወሰንነው፣ ሠ እንዲቀጥል አደረግን። ያየነው ሌላ ምልክት ኮሜንቱ ነው። በፊት አንድ የባትሪ ቪዲዮው ላይ "የታለ የፈነዳው" የሚል ኮሜንት ተደጋግሞ ነበር፣ እዚህኛው ላይ ግን የሚጠይቁት "ፖርቱ ቦርዱ ላይ ካልተበየደ እንዴት ነው የሚቀየረው" ዓይነት ነው፣ ስለ ቪዲዮው ስለራሱ ማለት ነው። ታምኔሉን ያየ ሰው ያሰበውን ነው ያገኘው።

ሠ ያልፈታው ነገር አለ። የስልክ ጥገና ጨርሶ ለማያውቅ ሰው በወረንጦው ላይ ያለው ነገር አሁንም "ብረት ነገር" ነው፣ ፖርት መሆኑን የሚያውቀው ርዕሱን ሲያነብ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ትልቅ ሆኖ ሲመጣ ወረንጦው ጫፍ ላይ ያለው የፍላክስ ቅሪት ሁሉ ይታያል፣ ያ አልረበሸንም። 9 ሚሊሜትር ከሆነ ዕቃ ከዚህ በላይ ማውጣት የሚቻለው ካሜራው ቅርብ ሲሆን ብቻ ነው፣ ከኤዲት አይመጣም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ቀረጻ የተስማማነው ይሄ ነው፦ ዋናውን ዕቃ ሲያነሳ ከጨለማ ነገር በላይ አድርጎ፣ የስልኩ ሁለት ጥግ ካሜራው ውስጥ እንዳለ፣ እጁን ሁለት ሴኮንድ ያህል ሳያንቀሳቅስ ይይዘዋል። ሆት ኤሩን ሲያበራ ደግሞ "ይሄ ጭስ የፍላክሱ ነው፣ ስልኩ ምንም አልሆነም" ይላል፣ ያን ፍሬም ሌላ ሰው ቆርጦ ቢያሰራጨው እንኳ ቪዲዮው ውስጥ መልሱ ይኖራል።